ረዥሙ ፀጉር ከፊቷ ኋላ ይግባ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ባሕር ዳር ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። አንዲት ደንበኛዬ እህቷ ስትዳር ጣና ዳር የተነሳችውን ፎቶ አምጥታ ‹ያኔ በሐዘን ተቆርጬው ገና አላደገም ነበር፤ እንደ ድሮው ረዥም አድርግልኝና በትልቁ አጥበህ ስጠኝ› አለችኝ። በፎቶሾፕ ከሌላ ፎቶ ረዥም ፀጉር ቆርጬ ለጠፍኩላት። ግንባሯ አጠረ፣ አንዱ ጆሮዋ በግማሽ ጠፋ፣ አንገቷ ቀጠነ፣ የቀሚሷ ጥለትም ተቆረጠ። ስታየው ‹ይቺ ደግሞ ማን ናት?› አለች። ምኑ ላይ ነው የተበላሸብኝ?»

ወንድሜ፣ አራት ቦታ የተበላሸ ይመስልሃል እንጂ ጥፋቱ አንድ ነው። ከሌላ ፎቶ ላይ ረዥም ፀጉር ስትቆርጥ መሃሉ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ያ ክፍት ቦታ የባለፀጉሯን ግንባር፣ ጉንጭና አንገት ቅርጽ ይዟል። እንዳለ አንስተህ ከላይ ስትደፋው ደንበኛህ በሰው ቤት መስኮት ብቅ እንዳለች ትሆናለች። መስኮቱ ዝቅ ያለበት ቦታ ግንባሯን ይበላል፤ የጠበበበት ቦታ ጆሮዋንና አንገቷን ይቆርጣል፤ የታችኛው ጫፉ ደግሞ ጥለቱ ላይ ያርፋል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ Liquify ከፍቶ ፊቱን ወደ ክፍተቱ መግፋት ይጀምራል። ያኔ ፀጉሩ ይገጥማል፤ ሴትዮዋ ግን ትጠፋለች።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የእሷን ፎቶ የያዘውን ሌየር ቆልፈው፤ እስከ መጨረሻው አይነካም። የሚለጠጠው፣ የሚታጠፈውና የሚቆረጠው ፀጉሩ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን አንድ ቁራጭ ሆኖ ከላይ አይቀመጥም፤ ሦስት ቦታ ይከፈላል። አብዛኛው ከአንገቷና ከትከሻዋ ኋላ ይገባል። ሌላው አናቷን ይሸፍናል። በጣም ጥቂቱ ብቻ ወደ ፊት ይወርዳል። የተለቀቀ ፀጉር በሰው ራስ ላይ የሚያርፈውም እንዲሁ ነው፤ አብዛኛው ከጆሮ በስተኋላ ስለሚወርድ ከፊት ሲታይ በአንገት ተከልሎ ግራና ቀኝ ብቻ ብቅ ይላል።

ፀጉሩ ከየት ይምጣ? «እንደ ድሮው» ካለችህ ድሮ የተነሳችው ፎቶ አላት ማለት ነው፤ አስመጣት። የማታውቃት ሴት ፀጉር ከማውረድ የራሷ የድሮ ፀጉር በብዙ ይሻላል። የራስ ቅሉ ያው ነው፣ ፀጉሩ ከግንባር የሚነሳበት መስመር ያው ነው፣ ውፍረቱና ጥቅልሉም ያው ነው። የሰው ፎቶ ሳታስፈቅድ ከመውሰድም ትድናለህ። ብዙ ካመጣችልህ ፀጉሩ ያማረበትን ሳይሆን ጭንቅላቷ አሁን በያዝከው ፎቶ ላይ ወዳለበት አቅጣጫ የዞረበትን ምረጥ። ይህን ለማወቅ ከአፍንጫዋ ጫፍ እስከ ሁለቱ ጉንጮቿ ጠርዝ ያለውን ርቀት በሁለቱም ፎቶ አወዳድር። አንገቷን ደፍታ ወይም ቀና ብላ እንደሆነም ተመልከት። ሰው አንገቱን ሲደፋ ጆሮው ከዓይኑ አንጻር ከፍ ይላል፤ ቀና ሲል ደግሞ ዝቅ ይላል። የጆሮዎቹ ከፍታ በሁለቱ ፎቶዎች ካልተመሳሰለ ፀጉሩ የቱንም ያህል ቢያምር ተወው።

በስልክ ክንዷን ዘርግታ ራሷን ያነሳችውን ፎቶ ግን ወደ ጎን አድርገው። ካሜራው በጣም ስለሚቀርብ አፍንጫና ግንባር ይገፋሉ፣ ጆሮዎች ወደ ኋላ ይሸሻሉ፣ ከጆሮ ኋላ ያለው ፀጉርም ከእውነቱ ይጠባል። ያንን ፀጉር ከሩቅ በተነሳ ፊት ላይ ስታስቀምጥ በጎን በኩል ሁልጊዜ ያንስሃል፤ ስትለጥጠው ደግሞ ከላይ ያብጣል። የምትፈልገው ቢያንስ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ሌላ ሰው ያነሳትን ነው። ያላት ሁሉ የቅርብ ፎቶ ብቻ ከሆነ፣ ፀጉሯ የሚመስል እህት ወይም ዘመድ ፈቅዳ እንደሆነ እዚያው ሐይቁ ዳር ወስደህ አንሳት። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ከሚፈጀው ሰዓት ያ ይቀልሃል።

ወደ ሐይቁ የምትሄድ ከሆነ ሰዓቱን አትርሳ። ባሕር ዳር ከሐይቁ በስተደቡብ ናት፤ ስለዚህ ጣናን ከኋላዋ አድርጋ የቆመች ሴት ፊቷ በግምት ወደ ደቡብ ነው፣ ካሜራህም ወደ ሰሜን ያያል። ጠዋት ፀሐይ ከካሜራው ቀኝ፣ ከሰዓት በኋላ ከካሜራው ግራ ትመጣለች። የሰርጉ ፎቶ ላይ የአፍንጫዋ ጥላ ወዴት እንደወደቀ ተመልከት፤ ፀጉሩም በዚያው አቅጣጫ በሚመጣ ብርሃን የተነሳ መሆን አለበት። የተገለበጠ ብርሃን ያለውን ፀጉር በFlip Horizontal ማዞር ይቻላል፤ ነገር ግን ፀጉሯን የምትከፍልበት መስመርም አብሮ ይዞራል። በግራ ስትከፍል የኖረች ሴት በቀኝ ተከፍሎ ስታየው ምን እንደሆነ ባታውቀውም ይከነክናታል።

አሁን ወደ ልኬቱ። ፀጉሩን ከመቁረጥህ በፊት የድሮውን ፎቶ ሙሉውን በሰርጉ ፎቶ ላይ አምጣና Smart Object አድርገው፤ ደጋግመህ ብታሳድገው ብታሳንሰው ጥራቱ አይጎዳም። ከዚያ Ruler Tool ይዘህ በሰርጉ ፎቶ ላይ ከአንዱ የዓይን ብሌን እስከ ሌላው፣ እንዲሁም ከዓይኖቿ መስመር እስከ አገጯ ጫፍ ለካ። የመጀመሪያው 310 ፒክሰል፣ ሁለተኛው 560 ሆነ እንበል። በድሮው ፎቶ ላይ ደግሞ 248 እና 448 አገኘህ። 310 ለ248 ሲካፈል 1.25 ነው፤ 560 ለ448 ሲካፈልም 1.25 ነው። ሁለቱ ከተስማሙ ጭንቅላቷ በሁለቱም ፎቶ በአንድ ሁኔታ ላይ ነው፤ ፎቶውን ወደ 125 በመቶ ታሳድገዋለህ፣ ርዝመቱንና ስፋቱን አቆራኝተህ። የቁመቱ ልኬት 420 ቢሆን ኖሮ ግን ካደገ በኋላ 525 ብቻ ይሆናል፤ 35 ፒክሰል ይጎድላል። ያ የሚነግርህ አንገቷን የያዘችበት ሁኔታ የተለየ መሆኑን ነው። ቁመቱን ብቻ ጎትተህ ልታስተካክለው አትሞክር፤ ሌላ ፎቶ ፈልግ። ከ125 በመቶ ብዙ ማለፍም አይመከርም፤ ፀጉሩ ደብዝዞ ፊቷ ብቻ ጥርት ይላል።

እነዚህን ፒክሰሎች ወደ ሚሊ ሜትር ስትመልሳቸው ጉዳቱ ይታይሃል። የአዋቂ ሰው ሁለት ብሌኖች በአብዛኛው 6 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይራራቃሉ። ለስሌት 62 ሚሊ ሜትር ብንል፣ በዚህ ፎቶ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር 5 ፒክሰል ነው። ከዓይኖቿ መስመር እስከ ፀጉሯ መነሻ 450 ፒክሰል የነበረው አንተ ከለጠፍከው በኋላ 395 ቢሆን፣ ከግንባሯ ላይ 11 ሚሊ ሜትር፣ የአንድ ጣት ስፋት ሊሞላ የተቃረበ፣ ወስደሃል ማለት ነው። ይህን ያህል ሲቀነስ የገዛ እናቷም ትጠራጠራለች። ይህን ቁጥር ከአሁኑ ጻፈው፤ መጨረሻ ላይ መልሰህ ትለካዋለህ።

ካሳደግከው በኋላ የድሮውን ፎቶ Opacity ወደ 50 በመቶ አውርደህ ዓይንን በዓይን ላይ ግጠም። ፀጉርን በፀጉር ላይ አትግጠም፤ ፀጉር ይዋሻል፣ ዓይን ግን ከራስ ቅል ጋር የተጣበቀ ነው። ዓይኑ ከገጠመ አናቱም፣ ጆሮውም፣ ማጅራቱም በየቦታቸው ይሆናሉ።

ፀጉሩን ከጀርባው መለየት የሚቀልህ ጀርባው ብሩህ ከሆነ ነው። ሰማይ ወይም ሐይቅ ከኋላው ካለ Channels ውስጥ ገብተህ Blue የሚለውን ተመልከት፤ ሰማያዊው ጀርባ ነጭ ይሆናል፣ ጥቁሩ ፀጉር ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የዚያን ቻናል ቅጂ ወስደህ በLevels ልዩነቱን አጥብቀው፣ በInvert ፀጉሩን ነጭ አድርገውና ምርጫ አውጣበት። ነፋስ ያወጣቸው ነጠላ ነጠላ ፀጉሮች እንኳ ይተርፋሉ። ከኋላ ያለው ደንገል ከሆነ ግን አትድከም፤ የደንገሉ ቀጫጭን አገዳ ከፀጉር ጋር ተመሳስሎ ማስኩ ያብዳል። ያኔ ከፀጉሩ ጠርዝ ትንሽ ገባ ብለህ ቁረጥና የጎደሉትን ጫፎች በኋላ በቀጭን ብሩሽ አውጣቸው።

ቀጥሎ በሰርጉ ፎቶ ላይ የእሷን ምርጫ ሥራ፤ ፊቷ፣ ጆሮዎቿ ከነጉትቻቸው፣ አንገቷና ልብሷ፣ አጭሩ ፀጉር ግን ሳይጨመር። በPen Tool ታግሰህ ሥራው፤ የሥራው ሁሉ መሠረት እሱ ነው። ከዚያ Save Selection ብለህ አስቀምጠው። ረዥሙን ፀጉር ከላይ ባለው ሌየር ላይ ካደረግህ በኋላ ያንን ምርጫ ጠርተህ ከፀጉሩ ማስክ ላይ ትቀንሰዋለህ። ያን ጊዜ ፀጉሩ በራሱ ከፊቷ ኋላ ይገባል። የባለፀጉሯ ክፍተት ቅርጽ አሁን ምንም ቦታ የለውም፤ ፀጉሩ የሚቆምበትን መስመር የሚወስነው የደንበኛህ የራሷ ጉንጭ፣ ጆሮና አንገት ነው። የማስኩን ጠርዝ አንድ ፒክሰል ወይም አንድ ተኩል ያህል አለስልሰው፤ ካላለሰለስከው ከወረቀት በመቀስ የተቆረጠች ትመስላለች።

ግንባሩ ላይ ደግሞ የድሮው ፎቶ መነሻ መስመር ጨርሶ አይገባም። የሰርጉ ቀን የነበራት አጭር ፀጉር ከግንባሯ የሚነሳበት የመጀመሪያው አንድ ሴንቲ ሜትር፣ በእኛ ልኬት 50 ፒክሰል ያህል፣ እንዳለ ይቀራል። ረዥሙ ፀጉር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አጭሩ የተጠቀለለ፣ ረዥሙ የተተኮሰ ከሆነ አይጣሉም ወይ ትለኝ ይሆናል። አይጣሉም። ፀጉር ሲተኮስ በግንባር ጠርዝ ያሉት ደቃቅ ፀጉሮች መሣሪያው ስለማይዛቸው እንደተጠቀለሉ ይቀራሉ፤ ሐይቁ ዳር በእርጥበቱ ደግሞ ከተተኮሱም በኋላ ተመልሰው ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ያ ጥቅልል ጠርዝ እንከን ከመሆን ይልቅ እውነተኛ ያስመስለዋል። ጠርዙን ሙልጭ አድርገህ ያጠፋህ እንደሆነ ነው ሰው ሠራሽ የሚመስለው።

መጋጠሚያውን በትልቅ ለስላሳ ብሩሽ አታደብዝዘው፤ ግንባሯ ላይ ጭስ ያረፈ ይመስላል። ማስኩ ላይ ሆነህ ከ2 እስከ 3 ፒክሰል በሆነ ብሩሽ፣ ፀጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ፣ ከግንባር ወደ አናት አጫጭር ጭረቶችን ጫር ጫር አድርግ፤ ሲነሱ ቀጭን፣ ሲሄዱ ወፈር እያሉ። አንድ የሰው ፀጉር ብዙውን ጊዜ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያንሳል፤ በዚህ ፎቶ ላይ ግማሽ ፒክሰል እንኳ አይሞላም ማለት ነው። በዓይን የምናየው ጭረት የበርካታ ፀጉሮች ዘለላ ነው። በ8 ፒክሰል ብሩሽ ፀጉር የሚስሉ አሉ፤ የሚወጣው ሽቦ ነው። አናቷ ላይ ረዥሙ ፀጉር ከአጭሩ ትንሽ ከፍ ቢል አትደንግጥ፤ የተለቀቀ ፀጉር ከራስ ቅል ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጥ። ግንባር የሚለካው ከፀጉሩ መነሻ እንጂ ከአናት ስላልሆነ ያ ከፍታ ግንባሯን አይለውጥም።

በነገራችን ላይ ደንበኛ ሹሩባ ቢጠይቅህ ዋጋውን ጨምር። ሹሩባ ከግንባሩ ጠርዝ ስለሚጀምርና በመስመሮቹ መካከል የራስ ቆዳው ስለሚታይ፣ አሁን ያልኩህን አንድ ሴንቲ ሜትር መሸሸጊያ ያሳጣሃል። እያንዳንዱ ጉንጉን ከገዛ መነሻው መውጣት አለበት።

ጆሮ ላይ አንድ ውሳኔ ይፈለጋል፤ ወይ ይታያል፣ ወይ ይሸፈናል። ጉትቻ ካደረገች እንዲታይ ተወው፤ ለሰርጉ የመረጠችው ነውና። ፀጉሩ ከጆሮዋ በላይ አልፎ ወደ ኋላ ይገባል፣ ከጆሮዋ ታች ደግሞ በአንገቷ ጎን ተመልሶ ይወጣል። ምርጫህን በደንብ ከሠራኸው ይህ በራሱ ይሆናል። እዚህ ላይ የሚረሳው ነገር በጆሮዋ ታችና በአንገቷ መካከል ያለችው ትንሽ ክፍተት ናት። በአጭር ፀጉር ጊዜ በዚያች ቀዳዳ ሐይቁ ይታይ ነበር። ረዥም ፀጉር ካላት ግን እዚያ ጨለማ እንጂ ውሃ ሊኖር አይችልም። በጉትቻው ቀለበት ውስጥም እንዲሁ ተመልከት፤ በዙሪያው ጥቁር ፀጉር ሆኖ መሃሉ ሰማያዊ ከሆነ ሥራው እዚያው ተጋለጠ።

ጆሮውን ለመሸፈን ከወሰንክ ደግሞ በሙሉ ይሸፈን፣ ካስፈለገ ታችኛው ጫፉና ጉትቻው ብቻ ብቅ ይበል። በፀጉር የተሸፈነ ጆሮ ፀጉሩን ትንሽ ይገፋዋል፤ ያ እብጠት በድሮው ፎቶ ላይም አለ። ከእሷ ጆሮ ጋር እንዲገጥም ማድረግ አለብህ። አንገት ሳይደፋና ቀና ሳይል ጆሮ ከላይ ከቅንድብ፣ ከታች ከአፍንጫ መቀመጫ ጋር ይስተካከላልና ሁለት አግድም መስመር ጎትተህ አረጋግጥ። እብጠቱ ወደ ጉንጯ ወርዶ ከሆነ ተመልካቹ ጆሮዋ የወረደ ያህል ይሰማዋል፣ ጆሮውን ሳያየው። ፀጉሩን ትንሽ ማንሳት ካስፈለገህ Puppet Warp በፀጉሩ ሌየር ላይ ብቻ ተጠቀም፤ አናቱንና መነሻውን በነጥብ ቸክለህ የታችኛውን ብቻ አንቀሳቅስ።

አንገቷ የቀጠነው የባለፀጉሯ ክፍተት ስለጠበበ ነበር፤ ፀጉሩን ወደ ኋላ ስታስገባው ስፋቱ ይመለሳል። ይሁንና አንገቱ ቅርጹ ትክክል ሆኖም የተለጠፈ የሚመስልበት ሌላ ምክንያት አለ፣ እሱም ብርሃን ነው። ሐይቁ ዳር ቆማ ከኋላና ከጎን ከውሃውና ከሰማዩ የሚመለሰው ብርሃን በአንገቷ ዳርና ዳር ብሩህ መስመር አውጥቷል። አጭር ፀጉር አይከልለውም። ረዥም ጥቁር ፀጉር ከኋላዋ ካለ ግን ያ ብርሃን አንገቷ ጋ ሊደርስ አይችልም። ስለዚህ ከፎቶዋ በላይ አንድ Curves ሌየር ጨምርና መሃለኛውን ቃና አውርደህ፣ ማስኩን በጥቁር ሞልተህ፣ በአንገቷ ጠርዝና በመንጋጋዋ ሥር ብቻ በለስላሳ ነጭ ብሩሽ ግለጠው። ብሩሁ መስመር ደብዝዞ ከጎኑ ካለው ቆዳ ጋር ሲዋሃድ አቁም። የፊቷን ሌየር አልነካህም፤ ጥላው ከላይ ያለ የተለየ ሌየር ነው፣ ስታጠፋው ይጠፋል።

ወደ ፊት የምታወርደው ዘለላ ካለ ከአንድ ወገን ብቻ ይሁን፣ ከጥለቱም ውጭ በኩል። ከሁለቱም ወገን ስታወርድ አንገትን እንደ መጋረጃ ይዘጋውና መልሰህ ወደ ቀጭን አንገት ትገባለህ። ያ ዘለላ ቆዳዋና ቀሚሷ ላይ ጥላ ይጥላል። አዲስ ሌየር በMultiply ክፈትና ከራሷ አንገት ላይ ጠቆር ያለውን የቆዳ ቀለም በEyedropper ወስደህ ቀባ፤ ጥቁር አትጠቀም፣ ጥቁር ጥላ ቆዳን አመድ ያስመስለዋል። ዘለላው ቆዳውን በነካበት ጥላው ጠባብና ጥርት ያለ፣ ከቆዳው በራቀበት ሰፊና ደብዛዛ ይሁን፤ አቅጣጫውም ከአፍንጫዋ ጥላ ጋር አንድ። ነጭ ቀሚስ ላይ ያለው ጥላ ደግሞ ሐይቁ ዳር ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ከቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ካለው ጥላ ላይ ቀለሙን ውሰድ።

ነጠላ ከለበሰች ጥሩ ዕድል አገኘህ። የፀጉሩ ታችኛው ጫፍ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ለመሥራት የሚያስቸግረው ክፍል ነው፤ ከነጠላው ሥር ካስገባኸው ግን ከዚህ ሁሉ ታመልጣለህ። ነጠላ ስስ መሆኑን ግን አትርሳ። ከሥሩ ጥቁር ፀጉር ካለ በሽመናው መካከል ትንሽ ይጠቁራል። በፀጉሩ ማስክ ላይ ነጠላው በሸፈነው ቦታ ፀጉሩ ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ እንዲታይ አድርግ፤ የተደራረበበት ቦታ ላይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። የነጠላው ጫፍ በነፋስ ወደ አንድ ወገን ከሄደ የፀጉሩም ጫፎች ወደዚያው ይሂዱ። ስቱዲዮ ውስጥ እንደተነሳ ቀጥ ብሎ የወረደ ፀጉር ከሚውለበለብ ነጠላ ጎን አይሆንም።

ጥቁር ፀጉር ሰማዩን ያንጸባርቃል። ድሮ ቤት ውስጥ በአምፖል ብርሃን ተነስታ ከሆነ በፀጉሯ ላይ ያለው ንጣት ቢጫ ነው፤ ሐይቁ ዳር ግን ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። በColor Balance ውስጥ Highlights የሚለውን መርጠህ ቢጫውን ወደ ሰማያዊ ጥቂት ግፋው። ብዙ አትግፋ፤ ከቅንድቧ ጋር እያወዳደርክ ሥራ። ቅንድቧ የዚያን ቀን ብርሃን የመታው የገዛ ፀጉሯ ነው፤ ከእሱ የተሻለ መመዘኛ አታገኝም።

ሲያልቅ ሁለት ፍተሻ አድርግ። መጀመሪያ ከዓይን እስከ ፀጉር መነሻ ያለውን እንደገና ለካ፤ 450 ካልሆነ አንድ ቦታ ላይ ረዥሙ ፀጉር ወደ ግንባሩ ገብቷል። ከዚያ ዋናውን ያልተነካ ፎቶ ቅጂ ከሌየሮቹ ሁሉ በላይ አምጥተህ Blending Mode የሚለውን Difference አድርገው፣ የጥላ ሌየሮቹንም ለጊዜው አጥፋቸው። ያልተለወጠ ነገር ሁሉ ድፍን ጥቁር ይሆናል። ፊቷ፣ የሚታየው ጆሮዋ፣ አንገቷና ጥለቱ ጥቁር መሆን አለባቸው። ጠርዝ ላይ ቀጭን የብርሃን መስመር ካየህ ማስኩ ገብቶባቸዋል፤ ጉንጭ ወይም ግንባር ላይ ሰፋ ያለ ብርሃን ካየህ ደግሞ የሆነ ሰዓት ላይ ሳታውቅ በተሳሳተ ሌየር ላይ ሠርተሃል። ዓይን ያለመደውን ብቻ ነው የሚያየው፤ ብዙ ሰዓት ያፈጠጥክበትን ፊት በራስህ ዓይን አትዳኘው።

ለደንበኛህ አንድ ነገር ንገራት፤ ይህ ለግድግዳ የሚሆን ፎቶ ነው፣ ለመታወቂያም ለፓስፖርትም አይቆረጥም። አንተም አጭር ፀጉር ያለበትን ዋናውን ፋይል አትሰርዝባት፤ የሰርጉ ቀን እሱ ነው።

በትልቁ ከማጠብህ በፊት በትንሽ ወረቀት አንድ ሞክር። ስክሪን ላይ ዘለላ ዘለላ ሆኖ የሚታየው ጥቁር ፀጉር ወረቀት ላይ አንድ ድፍን ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የደከምክበት መጋጠሚያ ሁሉ ኮፍያ ይመስላል። ከሆነብህ በፀጉሩ ሌየር ላይ ብቻ Levels ክፈትና በOutput Levels የግራውን ቁጥር ከ0 ወደ 12 ወይም 15 አንሳው። ዘለላዎቹ ወረቀቱ ላይ ተለይተው ከወጡ ትልቁን አጥበው።